ታዲያ ብሩን ማን ወሰደው?

ፕሮፌሰሯ ስትጠራኝ መጀመሪያ ዝም አልኩ። ሰምቻለሁ፣ ግን እኔ ነኝ ብዬ አላሰብኩም። እዚህ አሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚጠራው በላስት ኔም ነው፣ የኔ ላስት ኔም ደግሞ እንደ ሁላችንም የአባቴ ስም ነው፣ እና «ሚስ ተሰማ» ስትል ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው አባቴ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ሲሰማ ነው። አጠገቤ ያለችው ልጅ በክርኗ ነካ ስታደርገኝ ነው «አቤት» ያልኩት፣ ያውም በአማርኛ። ሳይጠሩት አቤት የሚል ሰው ይተረትበታል፣ እየተጠራ አቤት የማይለው ላይ ምን እንደሚባል እንጃ።

ኮልድ ኮል የሚሉት ይሄ ነው። እጅ ማውጣት የለም፣ ፕሮፌሰሯ ዝርዝሩን አይታ አንድ ስም ትጠራለች፣ የተጠራው ሰው ለቤት ሥራ የተሰጠውን ኬዝ ሰባ ሰው ፊት ያስረዳል፣ እሷ ትጠይቃለች እሱ ይመልሳል፣ አንዳንዴ አምስት ደቂቃ አንዳንዴ ሀያ አምስት። ለዚህ ነው ሁሉም ሰው ማታ ማታ ብሪፍ የሚጽፈው፣ ኬዙን በአምስት ቦታ ከፍሎ፦ ፍሬ ነገሩ፣ ጭብጡ፣ ሕጉ፣ ትንታኔው፣ ውሳኔው። እኔም ጽፌ ነበር። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ በሦስት ከለር ሃይላይት የተደረገ። ችግሩም እሱ ሆነ፣ ምክንያቱም ሁለት ገጽ ይዤ አንድ ጥያቄ ነው የጣለኝ፣ ያውም ገበያ ላይ ያለ ሰው የሚጠይቀው አይነት ጥያቄ።

የልጆቹ ጉዳይ

ኬዙ ቮስበርግ እና ፑትኒ የሚባለው ነው፣ ቶርት፣ ማለትም ሰው ሰውን ሲጎዳ ካሳ የሚጠየቅበትን ሕግ፣ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዊስኮንሲን ውስጥ ዋኪሻ የምትባል ከተማ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1889፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች መተላለፊያውን ይዘው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ፑትኒ አስራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ይቀረዋል፣ ቮስበርግ አስራ አራት አልፎታል። ትንሹ እግሩን ዘርግቶ በጫማው ጫፍ የትልቁን ቀኝ እግር ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ነካው። ነካው ነው የምለው፣ ምክንያቱም በጣም ቀላል ነበር፣ ቮስበርግም በሰዓቱ አልተሰማውም። ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ግን ከባድ ሕመም ጀመረው፣ ጮኸ፣ በሚቀጥሉት ቀናት አስመለሰው፣ እግሩ አበጠ፣ ተቀዶ መግል ወጣ፣ አጥንቱ ተጎዳ፣ በመጨረሻም ያ እግር እንደ ድሮው እንደማይሆን ተነገረ። ለካ ከዚያ በፊት፣ ጃንዋሪ ላይ፣ በበረዶ መንሸራተቻ ሲጫወት እዚያው እግሩ ላይ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ቆስሎ ነበር፣ ቁስሉ እየዳነ ነበር።

ከሰሱ። መጀመሪያ ጁሪው 2,800 ዶላር ፈረደለት፣ ይግባኝ ተባለ፣ ተሻረ፣ እንደገና ታየ፣ አሁን ደግሞ 2,500 ዶላር። ሁለተኛው ጁሪ ብሩን ብቻ አይደለም የወሰነው፣ ለተለያዩ ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልስ ሰጥቷል። ከጥያቄዎቹ አንዱ፦ ተከሳሹ ሲነካው ሊጎዳው አስቦ ነበር? መልስ፦ አላሰበም። ፑትኒ እንደገና ይግባኝ አለ፣ በ1891 የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰነ። እኛ የምናነበው ይህንን የመጨረሻውን ነው።

አሁን እኔ ብሪፌ ላይ ምን ጻፍኩ? ፍሬ ነገሩ አንድ ገጽ ከሩብ። መግሉ አለ፣ ማስመለሱ አለ፣ ሐኪሙ የቀደደበት ቀን ሳይቀር አለ። ጭብጥ፦ «ፑትኒ ተጠያቂ ነው ወይ?» ሕግ፦ ከአንድ የከፍተኛ ክፍል ተማሪ ማስታወሻ የገለበጥኩት የባተሪ፣ ማለትም ሰውን ያለ ፈቃዱ የመንካት ጥፋት፣ ትርጉም። ትንታኔ፦ «ድርጊቱ ሕገወጥ ስለሆነ ሐሳቡም ሕገወጥ ነው»። ውሳኔ፦ «አዎ። ቮስበርግ አሸነፈ፣ 2,500 ዶላር።»

አራት ጥያቄ

ፍሬ ነገሩን ስትጠይቀኝ አሪፍ ነበርኩ። እንዲያውም ስለ መግሉ ስናገር ክፍሉ ውስጥ ፊቱን ያጨማደደ ሰው አይቼ ትንሽ ደስ ብሎኛል። ከዛ «ይግባኝ ያለው ማነው?» አለች። «ቮስበርግ» አልኩ ሳላስብ፣ ስሙ መጀመሪያ ስለተጻፈ። ዝም ብላ አየችኝ፣ አስተካከልኩ፣ ፑትኒ። የተፈረደበት እሱ አይደል፣ ቮስበርግ 2,500 ዶላር ተፈርዶለት ለምን ይግባኝ ይላል? አንዳንድ ፍርድ ቤት ይግባኝ ባዩን ያስቀድማል፣ ሌላው መጀመሪያ የከሰሰውን ስም እዛው ይተወዋል፣ ስለዚህ የስሙ ቅደም ተከተል ምንም አይነግርህም።

ሁለተኛ፦ «ጁሪው ሊጎዳው አላሰበም ካለ፣ ታዲያ ፑትኒ ለምን አላሸነፈም?» ያቺን ዓረፍተ ነገሬን አነበብኩላት፣ ድርጊቱ ሕገወጥ ከሆነ ሐሳቡም ሕገወጥ ነው። «ድርጊቱን ሕገወጥ ያደረገው ምንድነው?» አለች። እኔ «ሰው መምታት ጥሩ ስላልሆነ» አልኩ። ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፣ «ደወሉ ከመደወሉ በፊት ውጭ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮስ?» አለችኝ። ወረቀቴን አገላበጥኩ፣ ስለ ሜዳ የጻፍኩት የለም። መግል ግን ብዙ አለ።

ከዛ ነው አራተኛዋ የመጣችው። ድምጿን እንኳን አልቀየረችም። «እሺ ሚስ ተሰማ፣ ታዲያ ብሩን ማን ወሰደው?»

እዚህ ላይ እርግጠኛ ነበርኩ። «ቮስበርግ።»

«የመጨረሻውን መስመር አንብቢልን።»

አነበብኩ። እያነበብኩ ነው የገባኝ። የሥር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ተሽሯል፣ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተመልሷል ይላል። ተሽሯል! እኔ አሸነፈ ያልኩት ልጅ በዚህ ውሳኔ አንድ ሳንቲም አላገኘም። ከዛ ወደ ሌላ ተማሪ አለፈች፣ እኔም የቀረውን ክፍለ ጊዜ ያንን መስመር እያየሁ ጨረስኩት።

ነገርን ከሥሩ

ማታ ቤት ገብቼ ራት ሳልበላ ኬዙን እንደገና ከፈትኩት፣ በዚህኛው ግን ከመጨረሻው ጀምሬ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሥሩ ያለው ግን መጨረሻው ላይ ነው፣ ቢያንስ ለኔ። ተሽሯል የሚለውን ካወቅኩ በኋላ የማነበው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሐሳቡ ላይ ከቮስበርግ ጋር የተስማማ ፍርድ ቤት ለምን የቮስበርግን ውሳኔ ይሽራል? የሆነ ያለፍኩት ነገር መኖር አለበት።

ነበረ። መሃል ላይ ስለ ሐኪም የሚያወራ አንድ ረዘም ያለ አንቀጽ አለ፣ እኔ «የሕክምና ዝርዝር» ብዬ የዘለልኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። የቮስበርግ ወገን አንድ ሐኪም ምስክር አድርጎ አቆመና፣ ልጁ ስለ ርግጫው የሰጠውን ምስክርነት ከሰማህና ራስህም እግሩን ካየህ በኋላ የቁስለቱ መነሻ ምን ይመስልሃል ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ ርግጫው ነው አለ። ግን ልጁ ሲመሰክር ስለ ጃንዋሪው ቁስልም ተናግሮ ነበር፣ ጥያቄው ውስጥ እሱ አልገባም። ማለትም ሐኪሙ አስተያየት እንዲሰጥ የተጠየቀው ዋናው ነገር በጎደለው ታሪክ ላይ ነው። ተከሳሹ ተቃወመ፣ ዳኛው ተቃውሞውን አልተቀበለም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይሄ ስህተት ነው አለ፣ ቀላል ስህተትም አይደለም፣ ምክንያቱም ክርክሩ በሙሉ ያ እግር በምን ተበላሸ የሚል ነው። የተሻረው በዚህ ነው። በማስረጃ።

ይሄን ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፣ ታዲያ ያ ሁሉ ስለ ሐሳብ የተጻፈው ለምንድነው፣ በማስረጃ የሚሻር ከሆነ? ግማሽ ሰዓት ያህል እዚህ ላይ ቆምኩ። ከዛ ነው የመጣልኝ፣ ለኔ የዚህ ኬዝ ቁልፍ እዚህ ነው። ፑትኒ ከሥር ፍርድ ቤት ጀምሮ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ጁሪው «ሊጎዳ አላሰበም» ስላለ በቀጥታ ለኔ ይፈረድልኝ የሚል። ሁለተኛው፣ እሱ ካልሆነ ቢያንስ እንደገና ይታይልኝ። የመጀመሪያው ቢሳካለት ኖሮ ፋይሉ ይዘጋል፣ እንደገና የሚታይ ነገር አይኖርም፣ የሐኪሙን ጥያቄ ማንሳትም አያስፈልግም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «እንደገና ይታይ» ለማለት የግድ መጀመሪያ «ሊጎዳ አለማሰቡ አያድነውም» ማለት ነበረበት። ስለዚህ ያ የሐሳብ ክፍል ጌጥ አይደለም፣ ውሳኔው የቆመበት እግር ነው። ቮስበርግ በሕጉ ነጥብ አሸነፈ፣ በይግባኙ ተሸነፈ፣ ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ። እኔ «ውሳኔ» ለሚለው አንድ መስመር ብቻ ስለተውኩ ሁለቱ ተደባለቁብኝ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ስድስተኛ ቦታ ጨምሬያለሁ፣ ወረቀቱ አናት ላይ፣ ከፍሬ ነገሩም በፊት፦ ማን ከሰሰ፣ የሥር ፍርድ ቤት ምን አለ፣ ማን ይግባኝ አለ፣ ምን ይደረግልኝ ብሎ፣ መጨረሻው ምን ሆነ። ሁለት መስመር ነው። ይሄ ከተጻፈ ጭብጡ ራሱን ይጽፋል ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ጭብጥ ማለት ይግባኝ ባዩ ስህተት ነው ያለው ነገር ነው እንጂ እኛ ኬዙን ስናነብ የገረመን ነገር አይደለም። የኔ «ፑትኒ ተጠያቂ ነው ወይ» የትኛውም ኬዝ ላይ ይለጠፋል። አዲሱ እንዲህ ሆነ፦ «ጁሪው ተከሳሹ ሊጎዳ አላሰበም ብሎ ሲወስን፣ ድርጊቱ ግን ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ክፍል ውስጥ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ፣ ተከሳሹ ይፈረድልኝ ማለት ይችላል ወይ?» ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ውስጡ ያሉት ፍሬ ነገሮች ናቸው ኬዙን የወሰኑት።

ደወሉ

እንግዲህ ወደ ሜዳው ጥያቄ እንመለስ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሊዮን እንዲህ አይነት ነገር ይላሉ፦ ይሄ የሆነው ልጆች ሜዳ ላይ በተለመደው ጨዋታቸው ሲላፉ ቢሆን ኖሮ፣ ጨዋታው ራሱ ፈቃድ እንደሰጠ ስለሚቆጠር ሕገወጥ ለማለት እናመነታ ነበር። ግን ክፍሉ ጸጥ ብሎ ትምህርት ተጀምሯል፣ እዛ ላይ እግር መዘርጋት የትምህርት ቤቱን ሥርዓት መጣስ ነው፣ ፈቃድ የለም፣ ስለዚህ ድርጊቱ ሕገወጥ ነው፣ ድርጊቱ ሕገወጥ ከሆነ ያንን ለማድረግ ማሰቡም ሕገወጥ ነው።

እኔ አንድ ገጽ ከሩብ ፍሬ ነገር ስጽፍ ትምህርት መጀመሩን አልጻፍኩም! ለኔ ያ የትዕይንቱ ጀርባ ነበር፣ ወንበርና ጠረጴዛ አይነት። ለፍርድ ቤቱ ግን ነገሩ በሙሉ እሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ፍሬ ነገር መጀመሪያ ስለሚጻፍ መጀመሪያ መወሰን ያለበት ይመስላል፣ ግን ትንታኔውን ሳታነቢ የትኛው ፍሬ ነገር እንደሚያስፈልግ ማወቅ አይቻልም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ነው የሆነብኝ። አሁን ፍሬ ነገሩን የምጽፈው በመጨረሻ ነው፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ደግሞ እሰርዘውና ፍርዱ ይቀየራል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ማስመለሱን ብሰርዘው ምንም አይሆንም። ትምህርት መጀመሩን ብሰርዘው ትንታኔው ይወድቃል። የጃንዋሪውን ቁስል ብሰርዘው የሐኪሙ ስህተት ስህተት መሆኑ ይቀራል። አስራ ሁለት ዓመት አለመሙላቱስ? እሱ ላይ ተቸግሬ ነበር፣ ምክንያቱም ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው «ልጅ እኮ ነው» የሚለውን ነው፣ ፍርድ ቤቱ ግን ዕድሜውን ጠቅሶ አለፈ እንጂ ምክንያት አላደረገውም። ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ ተውኩት፣ «ሕፃን»፣ ፕሮፌሰሯ ብትጠይቀኝ «ፍርድ ቤቱ አልተጠቀመበትም» ለማለት።

ኮልድ ኮል ላይ ፍሬ ነገር እየቀያየሩ የሚጠይቁትም ለዚህ ነው መሰለኝ። «ሜዳ ላይ ቢሆንስ» የሚለው ወጥመድ አይመስለኝም፣ ብሪፉ ላይ ያለው ፍሬ ነገር ሥራ እንዳለው ነው የምታየው። ሥራ ያለውን ፍሬ ነገር የጻፈ ሰው ያንን ነቅሎ ሌላ መትከል ይችላል። መግል የጻፈ ሰው መግሉን ታቅፎ ይቀራል።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም፣ ከሌላ ሰው ማስታወሻ አትገልብጡ ከማለት በቀር። የገለበጥኩት የባተሪ ትርጉም ልክ ነው፣ ግን የዛሬ ትርጉም ነው፣ የ1891ዱ ፍርድ ቤት አላለውም። እሱ ያለው ጠባብ ነገር ነው፦ ከሳሽ ወይ ሐሳቡ ሕገወጥ እንደነበረ ወይ ተከሳሹ ጥፋት እንዳለበት ማሳየት አለበት፣ ሐሳቡ ሕገወጥ ለመሆን ደግሞ የመጉዳት ሐሳብ የግድ አይደለም። ሌላም አንድ አለ፣ ስለ ጉዳቱ መጠን። የፑትኒ ወገን ልጁ ሊገምት ለሚችለው ጉዳት ብቻ ነው የሚከፍለው ብሎ ተከራክሮ ነበር፣ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፣ በድርጊቱ በቀጥታ ለመጣው ሁሉ ይከፍላል፣ ገመተውም አልገመተውም። እግሩ ቀድሞ የተዳከመ ሰው ነካህ፣ ዕድልህ ነው። ይሄኛው ግን ከሐሳቡ ክፍል ትንሽ ይለያል፣ ውሳኔው በማስረጃው ስህተት ከተሻረ በኋላ ይሄ ባይባልም ይሻር ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ እንደገና ለሚያየው ዳኛ መንገድ ለማሳየት ነው የተጻፈው፣ ስለዚህ ብሪፌ ላይ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ።

አዲሱ ብሪፍ ግማሽ ገጽ ሆነ። ከለር የለውም።

ስልኩ

ያን ቅዳሜ አዲስ አበባ ለአጎቴ ደወልኩ፣ ብዙ ዘመን ጠበቃ ናቸው፣ ትምህርቱን ስጀምር «ኬዝ ብቻ እያነበባችሁ ሕጉን መቼ ነው የምትማሩት?» ብለው ያሾፉብኝ ሰው። የልጆቹን ታሪክ ነገርኳቸው፣ መግሉን ዘልዬ።

«ይሄማ ምን ያስቸግራል» አሉኝ። «ፍትሐ ብሔር ቁጥር 2038 እኮ ነው። ሳይፈቅድለት ሆን ብሎ የሌላውን ሰው አካል የነካ ጥፋተኛ ነው ይላል፣ መንካቱን ነው የሚጠይቀው፣ መጉዳቱን አይደለም።»

«ሜዳ ላይ ሲላፉ ቢሆንስ ጋሼ?»

ትንሽ አሰቡ። «እሱ ደግሞ 2039። የተነካው ሰው ይቃወማል ብሎ ሊገምት የማይችል ከሆነ ጥፋት የለም።»

ሳቅኩ። ሁለት ገጽ ጽፌ ያላገኘሁትን ሁለት ቁጥር ጠርተው ጨረሱት። የኛ ፍትሐ ብሔር የወጣው በፈረንጆቹ 1960 ነው፣ ዳኛ ሊዮን ከጻፉ ስድሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ቁጥሩን ያወቀ ሰው መልሱ ጋር ከፊት ለፊት ነው የሚደርሰው። እኔ እዚህ ያንኑ ቁጥር ከአንድ ልጅ እግር ውስጥ ቆፍሬ ማውጣት አለብኝ። የቱ ይሻላል ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ አጎቴን ከጠየቃችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ።

ሊዘጉ ሲሉ ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«እኔ የምልሽ፣ ልጁ ታዲያ ብሩን አገኘ?»

«አላገኘም» አልኳቸው። «በዚህ ውሳኔ አላገኘም። ሕጉ ላይ ረታ፣ ግን ውሳኔው ተሽሮ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመለሰ።»

«በምን ተሻረ?»

«ሐኪሙን የድሮውን ቁስል ጥያቄው ውስጥ ሳያስገቡ አስተያየት ጠየቁት።»

«አይ፣ እሱማ ይሻራል» አሉኝ፣ እኔም ለብሪፌ አናት የመጨረሻዋን መስመር ጻፍኩ።